ከገላን ዓለም ገና፦ የአንድ ጭነት ሴራሚክ የካሳ ጉዳይ

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አንዲት ነጋዴ 204,500 ብር የሚያወጣ ዕቃ መንገድ ላይ ተበላሸባት። ለጭነቷ መድን ገብታ ነበር። አረቦኗን ከፍላለች፤ አደጋውንም በጊዜው አስታውቃለች። በመጨረሻ እጇ የገባው ግን 91,800 ብር ነው።

ጉዳዩን የመድን ብሮከር ሆኜ በእሷ ወገን ተከታትየዋለሁ። የሰዎቹንና የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ። ወረቀቱን ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እዚህ ላይ ማስቀመጥ የፈለግኩት በምክንያት ነው። ብዙ ነጋዴ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይጭናል። ከጎደለው ብር አብዛኛው ግን መኪናው ገና ከመጋዘን ሳይወጣ፣ ጫኞቹ ካርቶን ሲያነሱና ሲያስቀምጡ የተወሰነ ነበር።

ነጋዴዋ ዓለም ገና ላይ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ትሸጣለች። ዕቃውን የምታነሳው ገላን ካለ መጋዘን ነው። የራሷ መኪና የላትም። ጭነት ሲኖር ደላላ ትደውላለች፣ ደላላው መኪና ይልካል። የዚያን ቀን የመጣው አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ነበር። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅሙ 70 ኩንታል ነው።

የተጫነው ይህ ነው። 150 ካርቶን 60 በ60 የወለል ሴራሚክ፣ በካርቶን 2,000 ብር፣ ድምሩ 300,000 ብር። 18 የሽንት ቤት መቀመጫ ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ እያንዳንዱ 15,000 ብር፣ ድምሩ 270,000 ብር። 40 ከረጢት የሴራሚክ ማጣበቂያ፣ ከረጢቱ 750 ብር፣ ድምሩ 30,000 ብር። ጠቅላላ 600,000 ብር።

አንድ ካርቶን ሴራሚክ 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሴራሚኩ ብቻ 45 ኩንታል ነው። ከነማጣበቂያውና ከነመቀመጫው ወደ 62 ኩንታል ይደርሳል። ስለዚህ ከአቅም በላይ አልተጫነም። ይህን ቀድሜ የማነሳው መድን ሰጪው መጀመሪያ ያጣራው እሱን ስለነበረ ነው። ሊብሬው ላይ ካለው አቅም በላይ ተጭኖ ቢገኝ ሌላው ክርክር ሁሉ ሳይነሳ ፋይሉ ሊዘጋ ይችል ነበር።

ውሉ ምን ይል ነበር

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የመኪናው ኢንሹራንስ ጭነቱን አይሸፍንም። የሦስተኛ ወገን መድንም በዚያው መኪና ላይ ለተጫነ ዕቃ አይከፍልም። ብዙ ነጋዴ «መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ሲባል ዕቃውም ያለበት ይመስለዋል። ለጭነት የሚያስፈልገው በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚገባ የራሱ መድን ነው። ይህ መድን ለአንድ ጉዞ ብቻ ሊገዛ ይችላል። ወይም እንደ እሷ ለዓመት ተገዝቶ በእያንዳንዱ መኪና ላይ የሚጫነው ዕቃ ጣሪያ ይወሰንለታል። የእሷ ጣሪያ በአንድ መኪና 450,000 ብር ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የእሷ ውል ያገኘውን ጉዳት ሁሉ የሚሸፍን ዓይነት አልነበረም። የሚሸፈኑትን አደጋዎች በስም ይዘረዝራል፦ እሳት፣ የመኪናው ግጭት፣ የመኪናው መገልበጥ፣ እንዲሁም በተጨማሪ ክፍያ የገባ ስርቆት። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አደጋ አይሸፈንም። ቀጥሎ የማይሸፈኑት ይመጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚበቁን ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ቢሰበር መድኑ የሚከፍለው ስብራቱ በመኪናው ግጭት ወይም መገልበጥ የመጣ ከሆነ ብቻ ነው ይላል። በመንገድ ንዝረት የተሰነጠቀ ሴራሚክ አይከፈልም። ሁለተኛው፣ ለታሰበው ጉዞ በቂ ባልሆነ አስተሻሸግ ወይም አጫጫን ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይከፈልም። ሦስተኛው፣ ዕቃው ሲጫንና ሲራገፍ የሚደርስ ጉዳት አይከፈልም፤ ሽፋኑ የሚጀምረው መኪናው ጭኖ ሲንቀሳቀስ ነው። ገላን ላይ ከአንድ ጫኝ እጅ ወድቆ የተሰበረ ካርቶን ነበር። እሱን ካሳ ጥያቄው ውስጥ አላስገባነውም፤ ከመጋዘኑ ጋር ተነጋግራ በሌላ አስቀየረችው።

አደጋው

መኪናው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከገላን ተነሳ። በቃሊቲ ዞሮ፣ ጀሞን አልፎ፣ ወደ ዓለም ገና እየቀረበ ሳለ ዝናብ ጀመረ። ሾፌሩ እንደሚለው ባጃጅ ድንገት ገባበት። ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራተተ፤ የቀኝ ጎማዎቹ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገቡ። መኪናው አልተገለበጠም። ወደ ቀኝ አጋድሎ ቀኝ ስፖንዳው ከእንጨት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ቆመ። ሸራው በምሰሶው ተቀደደ። ዝናቡ አልቆመም።

ነጋዴዋ በዚያ ምሽት ስልኳን ይዛ ደረሰች። ያደረገችው ነገር በኋላ ብዙ ብር አዳነላት። ዕቃው ከመነካቱ በፊት መኪናውን ከአራቱም ጎን ፎቶ አነሳች። ከዚያ ምሰሶውን፣ የተቀደደውን ሸራ፣ የታጠፈውን ስፖንዳ አነሳች። ዕቃው ወደ ሌላ መኪና ሲዛወርም እያንዳንዱ ረድፍ ሲገለጥ ማንሳቷን ቀጠለች። ስታነሳ ማንም አልነገራትም። ሱቋ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ሲመለስላት ሁልጊዜ ፎቶ ስለምትይዝ ልማድ ሆኖባት ነው።

ሰኞ ጠዋት ለመድን ሰጪው በስልክ፣ ከሰዓት በጽሑፍ አሳወቅን። የንግድ ሕጉ መድን የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ካወቀ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ብዙ ጊዜ ውሉ ራሱ ከዚህ በፊት፣ ወዲያውኑ፣ ይላል። በጽሑፍ ማሳወቁና ግልባጩ ላይ «ደርሶኛል» የሚል ማኅተም ማስመታቱ ይበጃል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ከፖሊስ ሪፖርት መጣ። ሪፖርቱ «ተሽከርካሪው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆሟል» ይላል። ምሰሶውን አያነሳም። መድን ሰጪውም በመጀመሪያ ደብዳቤው «ተሽከርካሪው አልተገለበጠም፣ ግጭትም አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ከተዘረዘሩት አደጋዎች አንዱም አልደረሰም» ብሎ ጻፈ። በውሉ ቃል ከሄድን ደብዳቤው መሠረት የሌለው አልነበረም። ከመንገድ መውጣት በራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ያዳናት የምሰሶው ፎቶ ነው። ስፖንዳው የታጠፈበት ቁመትና ምሰሶው ላይ ያለው ቀለም የተፋቀበት ቁመት አንድ ነበር። ከፎቶው ጋር ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ተመልሰን ተጨማሪ ማብራሪያ ተጻፈልን፦ ተሽከርካሪው ቦይ ውስጥ ሲገባ በቀኝ ጎኑ ከምሰሶ ጋር ተጋጭቷል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ከዜሮ አስነሳው። ስለዚህ ፖሊስ ሲመጣ መኪናው የነካውን ነገር ሁሉ፣ አጥርም ሆነ ድንጋይ፣ አሳይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፖሊሱ የሚጽፈው ለትራፊክ ጉዳይ ነው። የጭነቱ መድን ምን ቃል እንደሚፈልግ የማወቅ ግዴታ የለበትም።

ሰባሪው ማን ነው

መድን ሰጪው ግጭቱን ከተቀበለ በኋላ ጉዳት ገማች ላከ። ሰውዬው ዕቃው የተራገፈበት የዓለም ገና ግቢ ድረስ መጣ። ነጋዴዋ የተሰበረውን ሁሉ በአንድ ጥግ ከምራ ነበር፤ 46 ካርቶን ሴራሚክ። ክምሩን አይቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ከየት ወረደ?» የሚል ነበር። ፎቶዎቿ ባይኖሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም።

ሴራሚክ እንዴት እንደሚጫን እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ካርቶኑ በጠርዙ ቆሞ ነው መጫን ያለበት። ከጋቢናው ግድግዳ ተጀምሮ ወደ ኋላ ተጠጋግቶ ይደረደራል። በመካከሉ ክፍተት አይተውም። ክፍተት ካለ በጣውላ ወይም በተጠቀለለ ካርቶን ይሞላል። ሴራሚክ በጠርዙ ሲቆም ብዙ ክብደት ይችላል። ተኝቶ ከላዩ ሲጫንበት ግን ከሥሩ ያለው ወለል ትንሽ ወጣ ገባ ካለው መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ ሴራሚክ ደግሞ መጉበጥ አይችልም፤ ለሁለት ይሰነጠቃል። የጭነት መኪና ወለል ላይ ወጣ ገባ የሌለበት ቦታ የለም።

በዚያ ጭነት 134 ካርቶን በትክክል ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ቦታ ጠበበ። ጫኞቹ የቀረውን 16 ካርቶን ከኋላ በኩል አስተኙት። ከላዩ 40ውን ከረጢት ማጣበቂያ ከመሩበት። አሥር ኩንታል ማለት ነው።

ጉዳት ገማቹ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ያያቸው ምልክቶች ግልጽ ነበሩ። ከቀኝ ጎን የወረዱት 30 ካርቶኖች ከውጭ ተጨፍልቀዋል፤ ማዕዘናቸው ተቀዷል። ሴራሚኩ ከማዕዘን ጀምሮ ነው የተሰባበረው፣ ስባሪውም ስለታም ነው። ይህ የአንድ ጊዜ ምት ነው። ከኋላ የወረዱት 16 ካርቶኖች ከውጭ ደህና ናቸው። ሲከፈቱ ግን ሴራሚኩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር። የስንጥቁ ጠርዝ ላይ ጣቱን አሳልፎ ለነጋዴዋ አሳያት። ተፍቋል፤ ነጭ ዱቄት አለው። ሁለቱ ስባሪ እርስ በርሱ ሲፋጭ የተጓዘ ነው።

«እትዬ፣ ይኼ ቦዩ ጋ አልተሰበረም» አላት። «ከቃሊቲ ሳያልፍ ተሰብሯል። የተቀረውን መንገድ እየተፋጨ ነው የመጣው።»

እሷም አልተከራከረችም። ለዓመታት ሴራሚክ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ ዱቄቱ ምን እንደሚል ታውቃለች። የተናደደችው በሌላ ነገር ነበር። «ያስተኙት እኮ የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» አለች። እውነቷን ነው። በገላን አካባቢ ጭነት የሚጭኑት ተደራጅተው የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ነጋዴው አይመርጣቸውም፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚቆርጡት። ይህንን በጽሑፍ ተከራክሬበታለሁ። ጉድለቱ የመድን ገቢዋ ካልሆነ ለምን እሷ ትቀጣለች?

መልሱ አጭር ነበር፦ ውሉ «በቂ ያልሆነ አጫጫን» ይላል እንጂ ማን ጫነው ብሎ አይለይም። በባሕር ጉዞ መድን ልማድ ይህ ክልከላ ብዙ ጊዜ አስተሻሸጉ በመድን ገቢው ወይም በሠራተኞቹ ሲሠራ፣ ወይም ሽፋኑ ሳይጀምር ሲሠራ ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ይጻፋል። በአገር ውስጥ የመኪና ጭነት ውሎች ላይ ግን ያየሁት አብዛኛው ጥቅል ነው። ቃሉን ማስተካከል የሚቻለው ሲፈረም ነው፤ ከተሰበረ በኋላ አይሆንም። 16ቱ ካርቶን፣ 32,000 ብር፣ ተሰረዘ።

ሰባቱ የሽንት ቤት መቀመጫዎች

በእኔ ግምት ከጉዳዩ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

ከ18ቱ መቀመጫዎች 12ቱ ከፋብሪካ እንደመጡ ነበሩ፤ በወፍራም ካርቶን፣ ማዕዘናቸው በፎም የተያዘ። 6ቱ ግን ገላን መጋዘን ውስጥ ለናሙና ወጥተው የቆሙ ነበሩ። ካርቶናቸው ጠፍቷል። ጫኞቹ በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቀው ጫኗቸው። የተሰበሩት ሰባት ናቸው፤ ካርቶን ያላቸው ሦስት፣ በማዳበሪያ የተጠቀለሉት አራት።

ሦስቱ ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም። ሦስቱም በቀኝ ስፖንዳ በኩል ነበሩ፤ በደንብ ታሽገዋል፤ ግጭቱ ሰበራቸው። አራቱን ግን መድን ሰጪው በሙሉ ውድቅ አደረገ። «ጭድና ማዳበሪያ ለሸክላ ዕቃ በቂ ማሸጊያ አይደለም» አለ። በዚህ ላይ ስህተት የለበትም። ጭድ መጀመሪያ ሲጠቀጠቅ ለስላሳ ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ግን ወደ ታች ይቀመጣል፤ ላይኛው ክፍል ባዶ ይቀራል። የመቀመጫው አንገት፣ ቀጭኑ ቦታ፣ ያለ ምንም መከላከያ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል።

ነገር ግን ማሸጊያው ደካማ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ክልከላው የሚለው «በአስተሻሸጉ ምክንያት የደረሰ ጉዳት» ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ እነዚህ አራቱ በፋብሪካ ካርቶን ቢታሸጉ ኖሮ ይድኑ ነበር?

መልሱን የሚሰጠው ጎረቤታቸው ነው። ወደ ፎቶዎቹ ተመለስን። ከአራቱ ሁለቱ በቀኝ በኩል፣ ከሦስቱ በካርቶን ከታሸጉት ጎን ለጎን ነበሩ። በደንብ የታሸጉት ጎረቤቶቻቸው እንኳ ተሰብረዋል። ስለዚህ ካርቶን ባዳናቸው ነበር ማለት አይቻልም፤ የሰበራቸው ግጭቱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በግራ በኩል ነበሩ። እዚያ በካርቶን ካሉት አንድም አልተሰበረም። የተሰበሩት በማዳበሪያ ያሉት ብቻ ናቸው። እነሱን የለያቸው ማሸጊያቸው ነው።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ፎቶዎቹን ቁጥር ሰጥተን አያያዝን። ጉዳት ገማቹ ተቀበለው፤ መድን ሰጪውም የእሱን ሐሳብ ተከተለ። የቀኞቹ ሁለቱ ተከፈሉ፤ የግራዎቹ ሁለቱ፣ 30,000 ብር፣ ቀሩ። እኔ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴዋም «ይኼኛው እንኳ ይገባኛል» አለች።

ማጣበቂያው ቀላል ነበር። አሥር ከረጢት ረጥቦ ደርቋል፤ 7,500 ብር። የዝናብ ውሃ በራሱ የሚሸፈን አደጋ አይደለም። ሸራ ሳይለብስ ወይም በቀዳዳ ሸራ ቢጫን ኖሮ ምንም አይከፈልም ነበር። እዚህ ግን ቀዳዳው ከምሰሶው ቁመት ጋር ይገጥማል፤ የተቀደደው ጫፍም አዲስ ነው። ግጭቱ ሸራውን ቀደደው፣ ዝናቡ በዚያ ገባ። ስለዚህ ተከፈለ።

ሒሳቡ

ከተጠየቀው 204,500 ብር ላይ የተሰረዘው 62,000 ብር ሲቀነስ 142,500 ብር ይቀራል። ከ30ዎቹ ካርቶኖች ውስጥ ያልተሰበሩ ሴራሚኮችና ደህና የሆኑ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ። እነሱን ነጋዴዋ እንድትወስድ ተስማምተን ዋጋቸው 6,500 ብር ተገመተ። ሲቀነስ 136,000 ብር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር የአደጋው ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ከአደጋው ጋር ግንኙነት የለውም። በመኪናው ላይ የነበረው ዕቃ 600,000 ብር ያወጣል። መድኑ የተገባው ለ450,000 ብር ነው። ነጋዴዋ «የተሰበረው እኮ 450,000 አልደረሰም፣ ለምን ይነካኛል?» ብላ ጠየቀች። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ ይህ ነው፦ ከዕቃው ዋጋ ያነሰ መድን የገባ ሰው ለቀረው ክፍል ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። የእሷ መድን የጭነቱን 75 በመቶ ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ ከማንኛውም ጉዳት 75 በመቶውን ይከፍላሉ፤ 25 በመቶው የእሷ ነው። የንግድ ሕጉም ይህንኑ መርህ ይዟል። 136,000 ብር በ75 በመቶ ሲሰላ 102,000 ብር ሆነ። ከዚያ በውሉ መሠረት ከካሳው ላይ ነጋዴዋ ራሷ የምትሸከመው 10 በመቶ ተቀናሽ፣ 10,200 ብር፣ ወጣ። 91,800 ብር።

ጣሪያው 600,000 ቢሆን ኖሮ 122,400 ብር ታገኝ ነበር። ማለትም በወረቀት ላይ የተጻፈ አሮጌ ቁጥር ብቻውን 30,600 ብር አሳጣት።

ቁጥሩ እንዴት አረጀ? መጀመሪያ ሲጻፍ ትክክል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ የሚገባ የሕንፃ ዕቃ ዋጋ ናረ። እሷ መስከረም 2017 ላይ ውሏን ስታድስ የሱቋን ዋጋ ሁሉ ቀይራ ነበር። የመድን ማደሻው ቅጽ ላይ ግን ያለፈው ዓመት ቁጥር እንዳለ ተገለበጠ። ያ ውል ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የታደሰ ነው። መኪናው ያው አይሱዙ ነው፤ ካርቶኑም ያው 150 ነው። የጨመረው ዋጋው ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ሾፌሩ ያመጣው ወረቀት

አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ሾፌሩ ሱቋ መጣ። የመኪናው ባለቤት ልኮት ነው። እጁ ላይ አንድ ወረቀት አለ። «እትዬ፣ እርስዎ ኢንሹራንስ አለዎት፤ ይከፍልዎታል። እኔ የልጆች አባት ነኝ። ከእኛ ላይ ምንም እንደማይፈልጉ ብቻ ይፈርሙልኝ» አላት። አሳዘናት። እስክሪብቶ አንስታ ነበር፤ ከመፈረሟ በፊት ግን ደወለችልኝ።

ብትፈርም ካሳዋ ሊጠፋ ይችል ነበር። መድን ሰጪው ለእሷ ከከፈለ በኋላ በከፈለው ልክ እሷን ተክቶ ጥፋተኛውን አጓጓዥ የመጠየቅ መብት አለው። እሷ «ከእናንተ ምንም አልፈልግም» ብላ ከፈረመች ያንን መብት ዘጋችበት። በዚያ ልክ ደግሞ መድን ሰጪው ከመክፈል ነፃ ነኝ ሊል ይችላል። ለሾፌሩ የነገርነው እውነቱን ነው፦ እሷ መፈረም አትችልም፤ የሚጠየቀውም በመጀመሪያ የመኪናው ባለቤት ነው እንጂ እሱ አይደለም። አልተደሰተም፤ ሆኖም ተቀብሎ ሄደ።

በወረቀት በኩል አንድ ሌላ ነገር ረድቷታል። ገላን ላይ የተፈረመው የዕቃ መረካከቢያ ላይ ሾፌሩ «150 ካርቶን፣ 18 መቀመጫ፣ 40 ከረጢት በደህና ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። ይህ ባይኖር ኖሮ ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ደህና እንደነበረ ማስረዳት ከባድ ነበር። በደላላ የሚገኝ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሰሌዳ ቁጥርና ስልክ ብቻ ነው። እሱ አይበቃም።

ሲታደስ

መስከረም 2018 ላይ ውሉን ስናድስ በአራት ቦታ ቀየርነው። ጣሪያው በአንድ መኪና 700,000 ብር ሆነ። የውሉ ዘመን ሳያልቅ ዋጋ ቢጨምር በደብዳቤ ብቻ ማሳደግ እንድትችልም ተጻፈ። ከተሸፈኑት አደጋዎች ላይ «መኪናው ከመንገድ መውጣት» ተጨመረ። መጫንና ማራገፍ በተጨማሪ አረቦን ገባ። አራተኛው ላይ ረጅም ተከራከርን፦ የአጫጫን ክልከላው መድን ገቢዋ ወይም ሠራተኛዋ በቦታው ተገኝቶ ባየው ጉድለት ላይ ብቻ እንዲሠራ ጠየቅን። መድን ሰጪው በሙሉ አልተቀበለውም። በምትኩ አንድ የመጫኛ ቅጽ እንዲኖር ተስማማን። ቅጹ ተሞልቶ፣ ከፎቶ ጋር፣ መኪናው ሳይነሳ በስልክ ከተላከ አጫጫኑን እንደ በቂ ይቆጥሩታል።

ቅጹ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሴራሚክ ሁሉ ቆሟል ወይ፤ የተኛ ካለ ከላዩ ምን አለ፤ ክፍተቱ በምን ተሞላ፤ ማጣበቂያው ከመኪናው ወለል በጣውላ ከፍ ብሏል ወይ፤ ሸራው ቀዳዳ የለውም ወይ፤ ካርቶን የሌለው ሸክላ ዕቃ አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አለ» ከሆነ ያ ዕቃ ለስብራት አይሸፈንም፤ ነጋዴዋም አውቃው ነው የምትጭነው። አሁን የናሙና መቀመጫ ስታነሳ ከዋጋው ላይ እንዲቀንሱላት ትጠይቃለች፤ ካልቀነሱ ትተዋለች።

ጫኞቹን ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። ካርቶን ማቆም ከማስተኛት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚከፈላቸው በመኪና እንጂ በሰዓት አይደለም። የእህቷን ልጅ ገላን ላካ፣ ለአለቃቸው በመኪና ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት ተስማማች። ክፍያው የሚሰጠው የመጨረሻው ረድፍ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ነው። የመጨረሻው ረድፍ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ጫኝ የሚደክመውና ቦታ የሚጠበው እዚያ ላይ ነው። ቦታ ካልበቃ የቀረው ካርቶን ለሚቀጥለው መኪና ይቆያል እንጂ አይተኛም።

የመኪናው ባለቤት ጉዳይ ገና አላለቀም። መድን ሰጪው የከፈለውን 91,800 ብር ከእሱ እየጠየቀ ነው። ነጋዴዋም ግጭቱ ካደረሰው ጉዳት ያልተከፈላትን 44,200 ብር፣ ማለትም የ25 በመቶውን ድርሻና ተቀናሹን፣ በራሷ ስም ለመጠየቅ ደብዳቤ ጽፋለች። መድን ያልከፈለውን ከአጓጓዡ መጠየቅ መብቷ ነው። ተኝተው የተሰበሩትን 16 ካርቶኖች በተመለከተ የባለቤቱ መልስ «ያስተኙት ጫኞቹ ናቸው» የሚል ነው። እኛ ደግሞ ሾፌሩ ቆሞ እያየ እንደተጫነና «በደህና ተረክቤያለሁ» ብሎ እንደፈረመ ጽፈን መልሰናል።